የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ የሒሳብ ፈተና ቢጋር፦ ይዘትንና የአስተሳሰብ ደረጃን በአንድ ሠንጠረዥ ማመጣጠን

አንድ የሒሳብ ፈተና በይዘት ሲቆጠር የተመጣጠነ፣ በአስተሳሰብ ደረጃ ሲቆጠርም የተመጣጠነ ሆኖ ውስጡ ግን የተዛባ ሊሆን ይችላል። ለስታቲስቲክስ 22 ነጥብ ተመድቧል እንበል፣ ለማመዛዘን ጥያቄዎችም በጠቅላላው 20 ነጥብ። ሁለቱም ድምር ልክ ነው። ነገር ግን 20ዎቹ የማመዛዘን ነጥቦች በሙሉ ከዴሪቬቲቭ ወጥተው፣ የስታቲስቲክስ 22 ነጥብ ደግሞ አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በማስላት ብቻ ሊያልቅ ይችላል። ተማሪው በስታቲስቲክስ ማሰብ መቻል አለመቻሉን ይህ ፈተና አይነግረንም። ጉድለቱ የሚታየው ረድፉ ይዘት፣ ዓምዱ የአስተሳሰብ ደረጃ በሆነ ሠንጠረዥ ላይ እያንዳንዱን ሣጥን ለብቻው ስናይ ነው። የፈተና ቢጋር የሚባለውም ይኸው ሠንጠረዥ ነው።

ከዚህ በታች አንድ ቢጋር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሠራለን። ፈተናው ከ100 ነጥብ የሚታረም፣ 3 ሰዓት የሚወስድ፣ የመጨረሻውን ዓመት የሒሳብ ትምህርት አምስት ዘርፎች የሚሸፍን ነው። ሁለት ክፍሎች አሉት። ክፍል አንድ እያንዳንዳቸው 2 ነጥብ የሚይዙ 15 የምርጫ ጥያቄዎች (30 ነጥብ)፣ ክፍል ሁለት ደግሞ ሥራው በዝርዝር ተጽፎ የሚታረም 6 ጥያቄዎች (70 ነጥብ) አሉት። እነዚህ ቁጥሮች ሠንጠረዡ ከመጀመሩ በፊት መወሰን አለባቸው። በመሃል ከተቀየሩ ሁሉንም ሣጥን እንደገና መሥራት ግድ ይላል።

1. የይዘት ክብደትን ማውጣት

ለእያንዳንዱ ዘርፍ ስንት ነጥብ ይሰጥ ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የተሻለው መነሻ ለማስተማር የወሰደው ክፍለ ጊዜ ነው። የመጽሐፍ ገጽ ብዛት አሳሳች ነው፤ ሥዕልና መልመጃ የበዛበት ምዕራፍ ያለ አግባብ ይከብዳል። የዝርዝር ዓላማዎች ብዛትም ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም አንዱ ዓላማ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ሌላው ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ክፍለ ጊዜ ስትቆጥሩ ለክለሳና ለፈተና የዋለውን አውጡ። በዕቅድ የተያዘውና በእውነት የተሠራበት ከተለያዩ ደግሞ ለየትኛው እንደምትቆጥሩ ወስኑ። ለአንድ ትምህርት ቤት የሚወጣ ፈተና የተሠራበትን፣ ለብዙ ትምህርት ቤቶች የሚወጣ ግን የዕቅዱን መያዝ ይሻለዋል።

በእኛ ምሳሌ 150 ክፍለ ጊዜ አለ። ሲኩዌንስና ሲሪስ 22፣ ሊሚትና ዴሪቬቲቭ 46፣ ኢንተግራል 29፣ ቬክተር 20፣ ስታቲስቲክስና ፕሮባብሊቲ 33 ወስደዋል። ሊሚትን ለብቻው ረድፍ ያላደረግነው ሆን ብለን ነው፤ የዴሪቬቲቭ ጥያቄ ሲጠየቅ አብሮ ስለሚፈተን ለብቻው ብንመዝነው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

እያንዳንዱን በ150 አካፍለን በ100 ስናባዛ 14.67፣ 30.67፣ 19.33፣ 13.33 እና 22 እናገኛለን። ነጥብ ግን ሙሉ ቁጥር መሆን አለበት። እያንዳንዱን ለየብቻው ማጠጋጋት በዚህ ምሳሌ ቢሠራም በሌላ ጊዜ ድምሩን 99 ወይም 101 ያደርገዋል። የማይሳሳተው መንገድ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የአስርዮሹን ትርፍ ሁሉ ቁረጡ (14፣ 30፣ 19፣ 13፣ 22፤ ድምር 98)፣ ቀጥሎ የጎደለውን 2 ነጥብ የተቆረጠው ትርፋቸው ትልቅ ለሆነው ዘርፎች አንድ አንድ ስጡ። ትልቁ ትርፍ 0.67 ስለሆነ ሲሪስ 15፣ ዴሪቬቲቭ 31 ይሆናሉ። ውጤቱ 15፣ 31፣ 19፣ 13፣ 22 ነው፤ ድምሩ 100።

2. የአስተሳሰብ ደረጃዎችን መለየት

ብዙ የቢጋር ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ስድስት ደረጃ ያለው የብሉም አከፋፈል በመምህራን ዘንድ የታወቀ ነው፤ ለሒሳብ ፈተና ግን ስድስቱን ደረጃ መጠቀም አያዋጣም። ሁለት ልምድ ያላቸው መምህራን አንድን ጥያቄ አንዱ «ትንተና» ሌላው «ትግበራ» ብለው ይመድቡታል፣ ሁለቱም አሳማኝ ምክንያት ይኖራቸዋል። ደረጃው በበዛ ቁጥር አለመስማማቱም ይበዛል፤ 5 በ6 የሆነ ሠንጠረዥ 30 ሣጥን ስለሚኖረው ብዙዎቹ 1 ወይም 2 ነጥብ ብቻ ይዘው ይቀራሉ። በዓለም ላይ የሚሠራባቸው የሒሳብ ፈተናዎች አነስተኛ ቁጥር ይመርጣሉ። የደቡብ አፍሪካ ሥርዓተ ትምህርት አራት ደረጃ አለው፦ ዕውቀት 20 በመቶ፣ የተለመደ ስሌት 35፣ ውስብስብ ስሌት 30፣ ችግር መፍታት 15። ቲምስ አድቫንስድ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት በ2015 የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን ሲፈትን ሦስት ደረጃ ነበረው፦ ማወቅ 35 በመቶ፣ ተግባር ላይ ማዋል 35፣ ማመዛዘን 30። (ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እኛ ሦስት ደረጃ ይዘን 40፣ 40፣ 20 በሚለው እንሠራለን። ይህ ሬሾ ሕግ አይደለም። ተማሪዎችን ለከፍተኛ ትምህርት ለመምረጥ የሚውል ፈተና የማመዛዘኑን ድርሻ እስከ 30 ሊያደርሰው ይችላል፤ ማለፍና መውደቅን ብቻ ለሚወስን ፈተና 20 ብዙ ሊሆን ይችላል።

የደረጃዎቹን ትርጉም በግስ ዝርዝር («ግለጽ»፣ «አስላ»፣ «ተንትን») መለየት አይሠራም፤ «አስረዳ» ተብሎ የሚጀምር ጥያቄ የተሸመደደ አንቀጽ ሊጠይቅ ይችላልና። በአንድ ይዘት ላይ ሦስት ጥያቄ አስቀምጦ ማሳየት ይሻላል። ጂኦሜትሪክ ሲሪስን እንውሰድ።

ደረጃ 1፣ ማወቅና መሥራት፦ የመጀመሪያ ተርሙ 3፣ የጋራ ሬሾው 2 የሆነ ሲሪስ የመጀመሪያዎቹ 8 ተርሞች ድምር ስንት ነው? ተማሪው የትኛውን ፎርሙላ እንደሚጠቀም ጥያቄው ራሱ ነግሮታል። መልሱ 765 ነው።

ደረጃ 2፣ ተግባር ላይ ማዋል፦ ከ10 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ኳስ በነጠረ ቁጥር ከወደቀበት ከፍታ 3/5ኛውን ይወጣል። እስኪቆም ድረስ በጠቅላላው ስንት ሜትር ይጓዛል? እዚህ ተማሪው ሁኔታውን ወደ ሲሪስ መለወጥ አለበት፤ ከመጀመሪያው ውድቀት በስተቀር እያንዳንዱ ከፍታ መውጫና መውረጃ ተብሎ ሁለት ጊዜ እንደሚቆጠርም ማስተዋል ይጠበቅበታል። መልሱ 10 + 2 × 15 = 40 ሜትር ነው።

ደረጃ 3፣ ማመዛዘን፦ «የአንድ ሲሪስ ተርሞች ወደ ዜሮ ከቀረቡ ድምሩ የተወሰነ ቁጥር ይሆናል» የሚለው አባባል ሁልጊዜ እውነት ነው? በምክንያት አረጋግጡ ወይም በምሳሌ አፍርሱ።

አሁን ዋናውን ጥንቃቄ እንጨምር። የሦስተኛው ጥያቄ ደረጃ በወረቀቱ ላይ ብቻ አይወሰንም። መምህሩ በክፍል ውስጥ 1 + 1/2 + 1/3 + 1/4 + … ወሰን እንደሌለው አሳይቶ፣ «ተርሞቹ ወደ ዜሮ ቢሄዱም ድምሩ አይወሰንም» ብሎ ካስጻፈ፣ ጥያቄው የማስታወስ ጥያቄ ሆኗል። ደረጃው 1 ነው። የኳሱም ጥያቄ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሮ በመልመጃ አሥር ጊዜ ከተሠራ ወደ ደረጃ 1 ይወርዳል። ስለዚህ ቢጋር የሚያዘጋጅ ሰው የመማሪያ መጽሐፉንና የመልመጃ ወረቀቶቹን አጠገቡ ማስቀመጥ አለበት፤ በሰፊው የሚሠራጩ የቀድሞ ዓመታት ፈተናዎችም እንደ መልመጃ ይቆጠራሉ። «የመጨረሻው ፈተና ማመዛዘን ይጠይቃል» ተብሎ ከታተመ በኋላ ተማሪው ሁሉንም ቀድሞ ሠርቶት የሚገኘው ይህ ስለሚዘለል ነው።

ሌላው ስሕተት የጥያቄን አስቸጋሪነት ከደረጃ ጋር ማምታታት ነው። የ x³eˣ ኢንተግራል «ኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ» የተባለውን ዘዴ ሦስት ጊዜ መጠቀም ይጠይቃል፤ ረጅም ነው፣ ምልክት መሳሳት ቀላል ነው፣ ብዙ ተማሪ ይወድቅበታል። ሆኖም ዘዴውን የተማረ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያስበው አዲስ ነገር የለም፤ ደረጃ 1 ነው። በአንጻሩ «የአምስት ቁጥሮች አማካይ 12 ነው። አንዱ ቢወጣ አማካዩ አልተለወጠም። የወጣው ስንት ነው? ለምን?» የሚለው በግማሽ ደቂቃ የሚመለስ ቢሆንም ስሌት ሳይሆን ማመዛዘን ነው የሚለካው። «ከባድ» የሚመስለውን ሁሉ ደረጃ 3 እያሉ መመደብ ሠንጠረዡን በረጅም ስሌት ይሞላዋል፣ ማመዛዘኑም ሳይፈተን ይቀራል።

3. ሣጥኖቹን መሙላት

መነሻው ማባዛት ነው። የዴሪቬቲቭ 31 ነጥብ ሲባዛ በ0.40፣ በ0.40፣ በ0.20፦ 12.4፣ 12.4፣ 6.2። ኢንተግራል፦ 7.6፣ 7.6፣ 3.8። በዚህ መንገድ 15ቱ ሣጥኖች መነሻ ቁጥር ያገኛሉ። ብዙ ቢጋር እዚህ ያቆማል፤ ሁሉም ዘርፍ አንድ ዓይነት ሬሾ እንዲኖረው ያደርጋል። ይዘቶቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ኢንተግራል በዚህ ደረጃ በአብዛኛው የዘዴ ትምህርት ነው፤ በሦስተኛው ደረጃ 4 ነጥብ ለመሙላት ሲባል የሚጻፍ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የተወሳሰበ ስሌት ሆኖ ይቀራል። ስታቲስቲክስ ደግሞ ዳታን ከሁኔታ ጋር ማያያዝ ስለሆነ ሁለተኛውን ደረጃ ይስባል። ስለዚህ መነሻውን ይዘን በምክንያት እናስተካክላለን፦

| የይዘት ዘርፍ | ደረጃ 1 | ደረጃ 2 | ደረጃ 3 | ድምር |
|---|---|---|---|---|
| ሲኩዌንስና ሲሪስ | 6 | 5 | 4 | 15 |
| ሊሚትና ዴሪቬቲቭ | 11 | 13 | 7 | 31 |
| ኢንተግራል | 10 | 7 | 2 | 19 |
| ቬክተር | 5 | 5 | 3 | 13 |
| ስታቲስቲክስና ፕሮባብሊቲ | 8 | 10 | 4 | 22 |
| ድምር | 40 | 40 | 20 | 100 |

ስታስተካክሉ የረድፉም የዓምዱም ድምር እንዳይነቃነቅ አራት ሣጥኖችን በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ከኢንተግራል ደረጃ 3 አንድ ነጥብ አንስታችሁ ወደ ኢንተግራል ደረጃ 1 ብትወስዱ ረድፉ አልተለወጠም፣ ሁለቱ ዓምዶች ግን ተዛቡ። ከዴሪቬቲቭ ደረጃ 1 አንድ ቀንሳችሁ ለዴሪቬቲቭ ደረጃ 3 ስትሰጡ ሁሉም ይገጥማል። አንዱን ሣጥን ብቻ እየቀየሩ ድምሩን በሌላ ቦታ መፈለግ ከግማሽ ቀን በላይ የሚወስድ ድካም ነው፤ አራት አራት አድርጎ መሄድ ግን ደቂቃዎች ይበቁታል።

ሁለት ገደብ ብታስቀምጡ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ማንኛውም ሣጥን ከመነሻ ቁጥሩ ከ3 ነጥብ በላይ እንዳይርቅ፤ በእኛ ሠንጠረዥ ትልቁ ልዩነት የኢንተግራል ደረጃ 1 ነው፣ ከ7.6 ወደ 10። ሁለተኛ፣ 1 ነጥብ ብቻ ያለው ሣጥን እንዳይኖር። በ1 ነጥብ የማመዛዘን ጥያቄ መጻፍ አይቻልም፤ ሣጥኑ በሠንጠረዥ ላይ ይኖራል እንጂ በፈተናው ላይ አይኖርም።

4. ነጥቡን ለጥያቄ ዓይነት ማከፋፈል

የምርጫ ጥያቄን ለደረጃ 3 አንጠቀምም። በሒሳብ ምርጫ ላይ ተማሪው አራቱን አማራጭ ወደ ጥያቄው እየተካ ልኩን ሊያገኝ ይችላል፤ ምክንያቱን ማየት የምንፈልግበት ቦታ ላይ ምክንያቱ አይታየንም። ስለዚህ ከ15ቱ ምርጫዎች 10ሩ ለደረጃ 1፣ 5ቱ ለደረጃ 2 ይውላሉ። በደረጃ 1፦ ሲሪስ 2፣ ዴሪቬቲቭ 2፣ ኢንተግራል 3፣ ቬክተር 1፣ ስታቲስቲክስ 2 ጥያቄ። በደረጃ 2፦ ዴሪቬቲቭ 2፣ ኢንተግራል 1፣ ስታቲስቲክስ 2 ጥያቄ። እያንዳንዱ 2 ነጥብ መሆኑን አስቡና ከላይኛው ሠንጠረዥ ቀንሱ። የሚቀረው የክፍል ሁለት ነው፦

| የይዘት ዘርፍ | ደረጃ 1 | ደረጃ 2 | ደረጃ 3 | ድምር | ጥያቄ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሲኩዌንስና ሲሪስ | 2 | 5 | 4 | 11 | 1 |
| ሊሚትና ዴሪቬቲቭ | 7 | 9 | 7 | 23 | 2 |
| ኢንተግራል | 4 | 5 | 2 | 11 | 1 |
| ቬክተር | 3 | 5 | 3 | 11 | 1 |
| ስታቲስቲክስና ፕሮባብሊቲ | 4 | 6 | 4 | 14 | 1 |
| ድምር | 20 | 30 | 20 | 70 | 6 |

በክፍል ሁለት «ከስድስቱ አራቱን መርጣችሁ ሥሩ» የሚል ትእዛዝ አታስገቡ። ቬክተርን የዘለለ ተማሪና ስታቲስቲክስን የዘለለ ተማሪ የተፈተኑት ሁለት የተለያየ ፈተና ነው፤ እስካሁን የተመጣጠነው ሁሉ ለአንዳቸውም አይሠራም። ምርጫ መስጠት የግድ ከሆነ በአንድ ዘርፍና በአንድ የደረጃ ስብጥር ውስጥ በተጻፉ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ብቻ ይሁን።

5. ጥያቄውን በሣጥኑ ልክ መጻፍ

ረጅም ጥያቄን በጅምላ ወደ አንድ ሣጥን መክተት የተለመደ ስሕተት ነው። «ጥያቄ 17፣ ዴሪቬቲቭ፣ ደረጃ 3፣ 12 ነጥብ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ማረሚያው ሲታይ ግን ከ12ቱ 8ቱ ለተራ ስሌት የሚሰጥ ነው። ስለዚህ የሚመደበው ንዑስ ጥያቄው ነው። አንድ ንዑስ ጥያቄ ከ6 ነጥብ በላይ ከያዘ ደግሞ ለሁለት ይከፈል።

ከሁለቱ የዴሪቬቲቭ ጥያቄዎች አንደኛውን 12 ነጥብ (4፣ 5፣ 3)፣ ሁለተኛውን 11 ነጥብ (3፣ 4፣ 4) እናድርግ። የመጀመሪያው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

f(x) = x³ − 6x² + 9x ቢሆን፣

ሀ) የግራፉን መታጠፊያዎች ፈልጉ፣ ከፍተኛ ወይም ዝቅተኛ መሆናቸውንም ለዩ። (4 ነጥብ፣ ደረጃ 1)

ለ) ጎኑ 6 ሴ.ሜ ከሆነ የካሬ ካርቶን አራት ማዕዘኖች ላይ ጎናቸው x ሴ.ሜ የሆነ ትናንሽ ካሬዎች ተቆርጠው ጠርዞቹ ወደ ላይ ይታጠፉና ክዳን የሌለው ሣጥን ይሠራል። ይዘቱ 4f(x) መሆኑን አሳዩ፤ ትልቁን ይዘትም ፈልጉ። (5 ነጥብ፣ ደረጃ 2)

ሐ) f(x) = k የሚለው እኩልታ ሦስት የተለያዩ መፍትሔዎች የሚኖሩት k ምን ሲሆን ነው? ለምን? (3 ነጥብ፣ ደረጃ 3)

በሀ ውስጥ f′(x) = 3(x − 1)(x − 3) ስለሆነ (1, 4) ከፍተኛ፣ (3, 0) ዝቅተኛ መታጠፊያ ነው። በለ ይዘቱ x(6 − 2x)² ነው፤ ሲዘረጋ 4f(x) ይሆናል፤ ትልቁ ይዘት x = 1 ሲሆን 16 ሴ.ሜ³ ነው። የለ አምስት ነጥቦች እንዲህ ይከፈላሉ፦ የመሠረቱ ጎን 6 − 2x መሆኑ 1፣ ይዘቱን ጽፎ 4f(x) መሆኑን ማሳየት 1፣ ከሀ ያገኘውን መጠቀም 1፣ x = 3 ሲሆን መሠረቱ ዜሮ ስለሚሆን መጣል እንዳለበት መናገር 1፣ መልሱ ከነመለኪያው 1። በሐ መልሱ 0 < k < 4 ነው፤ 1 ነጥብ ለመልሱ፣ 2 ነጥብ አግድም መስመር y = k ግራፉን የሚቆርጥበትን ብዛት በመታጠፊያዎቹ ከፍታ ለሚያስረዳ ይሰጣል። ለምክንያቱ ከመልሱ የበለጠ ነጥብ ካልተሰጠ ሐ በወረቀት ላይ ብቻ ደረጃ 3 ይሆናል፤ ገምቶ የጻፈ ሰውም ያልፈዋልና።

ይህ ጥያቄ አንድ ድክመት አለው። ለ እና ሐ በሀ ላይ ቆመዋል። ተማሪው በሀ ላይ አንድ ምልክት ቢሳሳት የደረጃ 2ንና የደረጃ 3ን ነጥብ ሊያጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሦስቱም ሣጥኖች የሚለኩት አንዱን ስሌት ይሆናል። መፍትሔው በማረሚያ መመሪያው ላይ የሚጻፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ተማሪው በሀ ያገኘው ስሕተት ቢሆንም በዚያው ላይ ተመርኩዞ ትክክል ካሰበ የለንና የሐን የዘዴ ነጥብ ያገኛል። መመሪያው ላይ ካልተጻፈ አንዱ አራሚ ይሰጣል፣ ሌላው ይከለክላል።

6. ሰዓቱን በደረጃ ማስላት

180 ደቂቃን ለ100 ነጥብ በእኩል ማካፈል በቂ አይደለም፤ የማመዛዘን ነጥብ ከስሌት ነጥብ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። እንደ መነሻ ለደረጃ 1 በነጥብ 1.2 ደቂቃ፣ ለደረጃ 2 1.7፣ ለደረጃ 3 2.5 ያዙ። 40 × 1.2 = 48፣ 40 × 1.7 = 68፣ 20 × 2.5 = 50፤ ድምሩ 166 ደቂቃ። ለማንበብና መልሶ ለማየት 14 ደቂቃ ይተርፋል፤ በጣም ሰፊ አይደለም፣ ግን ይበቃል። ፈተናው ተጽፎ ሲያልቅ ጥያቄዎቹን ያልጻፈ መምህር ሙሉ መልሱን በእጁ እየጻፈ ይሥራውና ሰዓቱ ይያዝ። እሱ ከ60 ደቂቃ በላይ ከፈጀበት ለተማሪ 180 ደቂቃ አይበቃም ብላችሁ አስቡ። ሰዓት ያጠረበት ፈተና መጀመሪያ የሚጎዳው መጨረሻ ላይ የሚቀመጡትን የደረጃ 3 ንዑስ ጥያቄዎች ነው፤ ባዶ ሆነው ይመለሳሉ፣ ተማሪው ማሰብ አቅቶት ይሁን ሰዓት አልቆበት መለየትም አይቻልም።

7. የተጻፈውን ከታቀደው ጋር ማመሳከር

የጥያቄዎቹ ጸሐፊ የራሱን ምድብ ማረጋገጥ አይችልም፤ ለየትኛው ሣጥን ብሎ እንደጻፈው ያውቃልና ያንኑ ያነባል። ሌሎች ሁለት መምህራን ቢጋሩን ሳያዩ፣ እርስ በርሳቸውም ሳይነጋገሩ፣ ለእያንዳንዱ ንዑስ ጥያቄ ዘርፍና ደረጃ ይስጡ። በእኛ ፈተና 15 ምርጫና በእያንዳንዱ ረጅም ጥያቄ ሦስት ንዑስ ጥያቄ ካለ በድምሩ 33 የሚመደቡ ነገሮች አሉ። በደረጃ ምደባ ቢያንስ በ27ቱ ላይ ካልተስማሙ ጥያቄዎቹን ከመቀየራችሁ በፊት የደረጃዎቹን ትርጉም እንደገና ጻፉ። አለመስማማቱ በአንድ ዘርፍ ላይ ከተከማቸ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በክፍል ምን እንደተሠራ ሁለቱ በእኩል አለማወቃቸው ነው።

ከስምምነት በኋላ ምዝገባውን በኤክሴል አድርጉት። Items በተባለ ገጽ ላይ በA የጥያቄ ቁጥር፣ በB ዘርፍ፣ በC ደረጃ (1፣ 2 ወይም 3)፣ በD ነጥብ ይግባ። በሌላ ገጽ ላይ የዘርፎቹ ስም ከA2 እስከ A6፣ ደረጃዎቹ 1፣ 2፣ 3 ተብለው በቁጥር ብቻ ከB1 እስከ D1 ይጻፉና በB2 ላይ ይህን አስገቡ፦

```
=SUMIFS(Items!$D:$D,Items!$B:$B,$A2,Items!$C:$C,B$1)
```

ወደ ቀኝ እስከ D፣ ወደ ታች እስከ 6ኛው ረድፍ ጎትቱት። የሚወጣው ትክክለኛው ፈተና ነው፤ ከቢጋሩ ጎን አስቀምጡት። የዘርፉ ስም በሁለቱ ገጽ ላይ በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ (ለምሳሌ አንዱ ጋ «ፕሮባብሊቲ»፣ ሌላው ጋ «ፕሮባቢሊቲ») ነጥቡ ሳይቆጠር ይቀራል፤ ጠቅላላ ድምሩ 100 መሆኑን ማየት ይህን ያጋልጣል። በአንድ ሣጥን የ1 ነጥብ ልዩነት ይታለፋል። 2 ከሆነ ንዑስ ጥያቄ ይሻሻል ወይም ይተካ። ቢጋሩን ከፈተናው ጋር እንዲገጥም ብሎ መቀየር ግን ሥራውን ሁሉ ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

8. ከፈተናው በኋላ

ቢጋሩ የሚናገረው የታቀደውን ክብደት ነው። በውጤት ላይ የሚታየው ክብደት ሌላ ሊሆን ይችላል። በዴሪቬቲቭ ደረጃ 3 ያለውን 7 ነጥብ ማንም ተማሪ ካላገኘው፣ ፈተናው ተማሪዎችን የለየው በቀሩት 93 ነጥቦች ብቻ ነው፤ በዚያ ሣጥን ውስጥ ጎበዙም ደካማውም እኩል ናቸው። ሁሉም ያገኙት ሣጥንም ለመለየት እንደዚያው ምንም አልጨመረም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሣጥን የተማሪዎችን አማካይ በሣጥኑ ነጥብ አካፍሉት። ለምሳሌ የስታቲስቲክስ ደረጃ 1 አማካይ ከ8 ነጥብ 3.1 (39 በመቶ)፣ የደረጃ 2 አማካይ ከ10 ነጥብ 6.4 (64 በመቶ) ቢወጣ ነገሩ ተገልብጧል። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ምደባው ነው፦ ደረጃ 2 የተባለው በመልመጃ የተለመደ ነበር ወይ? ካልሆነ የደረጃ 1 ጥያቄዎችን አንድ በአንድ እዩ፤ የቃላት አሻሚነት ወይም የተሳሳተ የምርጫ ቁልፍ ይገኝባቸዋል። ሁለቱም ካልሆነ ይዘቱ በክፍል ሳይሸፈን ቀርቶ ይሆናል። የ15ቱን ሣጥን መቶኛ ከቢጋሩ ጀርባ ጻፉና ከማረሚያ መመሪያው ጋር አስቀምጡ፤ የሚቀጥለው ዓመት ቢጋር የአስተሳሰብ ደረጃዎችን መለየት የሚጀምረው እነዚህን ሁለት ወረቀቶች አጠገብ አድርጎ ነው፤ አሁን የተፈተኑት ጥያቄዎች ከዚያ በኋላ እንደ መልመጃ ይቆጠራሉና።